የመጀመሪያዋ ኤስፕሬሶ (አጭር ልቦለድ፣ አስተያየት እፈልጋለሁ)

ማታ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ከታች ያለችውን ልቦለድ ጽፌ መጨረሻዋ አልዋጥልህ አለኝ። እኔ ማሽን ጀርባ ቆሜ አላውቅም፤ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ከባንኮኒው በዚህ በኩል ቁጭ ብዬ ነው። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ማሽኑ ጋ የሚሆነው ነገር እውነት ይመስላል? መጨረሻውስ ያስኬዳል? አትራሩልኝ።

—

ኃላፊዋ ዕቃ ልትረከብ ወደ ጓዳ ገባች። «መጣሁ፣ ሁለት ደቂቃ» ብላው ነበር። ሰውየው የገቡት ልክ ያን ጊዜ ነው።

ልጁ ያውቃቸዋል። ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባንኮኒ እየጠረገ፣ ሲኒ እያጠበ ሲያያቸው ከርሟል። አንዲት ኤስፕሬሶ ያዛሉ፣ ቆመው ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ካልጣመቻቸው አንዴ ቀምሰው ሲኒዋን በአንድ ጣታቸው ወደ ባንኮኒው ጠርዝ ገፋ ያደርጓታል። አይናገሩም። ያቺን ጣት ሠራተኛው ሁሉ ይፈራታል።

«እሷ የለችም?»

«አለች ጋሼ፣ ዕቃ እየተረከበች ነው።»

«አንተ ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አለ። አፉ ቀደመው።

ባለ እጀታውን ማጣሪያ ነቀለ። በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፣ ሚዛን ላይ አድርጎ ዜሮ አስነበበ፣ ከመፍጫው ሥር ደገነው። 18 ግራም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጥቂቱ ወደ ጎን ተበተነ፤ ሞላበት። በጣቱ ደልደል አድርጎ በመጠቅጠቂያው ተጫነው። ከማሽኑ ትንሽ ውሃ ለቀቀ፣ እጀታውን ቆለፈ፣ ሲኒዋን ከነሚዛኑ ከሥር አስገብቶ ቁልፉን ነካ።

ጠዋት ኃላፊዋ መፍጫውን ስታስተካክል አጠገቧ ነበር። 18 ግራም ገብቶ 36 ግራም የወጣው በ28 ሰከንድ ነው። እንደ ማር ክር እየተንጠለጠለ ነበር የወረደው። የሱ ግን ተንዶለዶለ። ቀጭን፣ ገርጣ ያለ። ሚዛኑ 36 ሲል ሰዓቱ ገና 15 ላይ ነው።

«ይቺ አትሆንም ጋሼ። ሌላ ልሥራልዎት።»

ሰውየው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

ቡናው ወደ ማጠቢያው ተደፋ። የመፍጫውን ቀለበት አንድ ምልክት ወደ ደቃቁ አዞረ። ፈጨ፣ መዘነ፣ ጠቀጠቀ። 18 ሰከንድ። እንደገና ደፋ። አሁን ሁለት ምልክት በአንድ ጊዜ አዞረ። ቁልፉን ሲነካ ማሽኑ አጓራ እንጂ ምንም አልወጣም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ጥቁር ጠብታ። ከዚያ ሌላ። ሰዓቱ 50 ሲል ሲኒው ውስጥ 20 ግራም እንኳ በወጉ የለም።

«አምጣት» አሉ ሰውየው።

አቀረበላቸው። ጠጡ። ጣታቸው ወደ ሲኒዋ ሄደች፣ ቆመች። ከዚያ ቀና ብለው አዩትና «ጎበዝ» አሉት።

—

አሮጌ ባንኮኒ

ወንድሜ፣ ማሽን ጀርባ ቆሜ አላውቅም ስትል ማመን ከበደኝ። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ቡና ልክ እንደጻፍከው ነው የሚሆነው። ለምን እንደሆነ የምታውቅ ግን አይመስለኝም፣ ልጁም አላወቀም። ብታውቀው ልቦለድህ የተሻለ ይሆናል።

መፍጫ ሆዱ ውስጥ ቡና ያስቀራል። በምላጮቹ መሃልና በመውጫው ቱቦ ውስጥ የተፈጨ ቡና ተጣብቆ ይቀመጣል። ስንት ግራም እንደሚቀር እንደ መፍጫው ነው፣ ለዚህ ታሪክ 6 ግራም እንበል። ልጁ ቀለበቱን አንድ ምልክት አዙሮ 18 ግራም ሲቀበል፣ መጀመሪያ የሚወጣለት ያ 6 ግራም ነው፤ በድሮው ልክ የተፈጨው። አዲሱ 12ቱ ብቻ ነው። ሲሶው ገና ሻካራ ነው ማለት ነው። ውሃው 18 ሰከንድ ላይ የደረሰው ለዚህ ነው። ልጁ ግን «አንድ ምልክት ምንም አልሠራም» ብሎ ደመደመ። ሠርቷል፤ ውጤቱ ግን በሙሉ አልታየም።

ከዚያ ሁለት ጨመረ። በድምሩ ሦስት ሆነ። ያኔ ሻካራው ቡና ከውስጥ ጠርቶ ስለወጣ፣ ያልታየው የመጀመሪያው ምልክትና አዲሶቹ ሁለቱ አንድ ላይ መጡበት። ታነቀ።

ይሄን የማያውቅ ጀማሪ አይቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ሁሉም በዚህ ያልፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀለበቱን ካዞርክ ጥቂት ፈጭተህ ጣል፣ ከዚያ ነው ለሲኒ የምትፈጨው። ደንበኛ ፊት ለፊትህ ቆሞ ቡና ፈጭቶ መጣል ግን ያስፈራል። ልጁን የጣለው ፍርሃቱ ነው፣ ይሄን ብትጽፈው።

ሁለት ስኳር

አሮጌ ባንኮኒ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ነገሩን ከሩቅ ጀመርከው። የመጀመሪያዋ ለምን 15 ሰከንድ ሆነች? ጠዋት እኮ 28 ነበር፤ መፍጫውን ማንም አልነካውም። እኔ የምለው ልጁ በደንብ አልተጫነውም። ፈርቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እላዩ ላይ ነካ አድርጎ ተወው። እኔ የሠራሁበት ቤት አሠልጣኛችን የሰውነት ሚዛን ወለል ላይ አስቀምጦ 15 ኪሎ እስኪያነብ ያስጫነን ነበር። ጠንከር አድርጎ ቢጫነው ቀለበቱን መንካት ባላስፈለገው።

አሮጌ ባንኮኒ

ሁለት ስኳር፣ ግማሹን አግኝተኸዋል። እጁ ነው የሚለው ያስማማናል። ኪሎው ግን አያስማማንም።

ዱቄቱ አንዴ ከታመቀ በኋላ ጡንቻህን ብትጨምርበት ውሃው ብዙም አይሰማውም። ማሽኑ ራሱ ከላይ በ9 ባር ግፊት ይጫነዋል፣ ያንተ ክንድ እዚያ ፊት ምንም ነው። ዋናው መጠቅጠቂያው ቀጥ ብሎ መውረዱ ነው። አንድ ወገን ዝቅ ካለ ውሃ ሰነፍ ነው፣ በቀጭኑ በኩል ይሾልካል። በዚያ በኩል ያለው ቡና ከልክ በላይ ይታጠባል፣ በሌላው በኩል ያለው ሳይነካ ይቀራል። ሰዓቱም ያጥራል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ በቀላሉ ያዘነብላል። እጀታውን ሲቆልፍ ከማሽኑ ጋር ጋጭቶት ከሆነም የታመቀው ቡና ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፤ የመጀመሪያዋ የመፍጫው ጥፋት ናት ወይስ የእጁ? ልጁ ሳይጠይቅ ነው ወደ መፍጫው የሮጠው።

ማታ ጸሐፊ

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ቆሞ የሚያይ ሰው ግን እንዴት ይለየዋል? ሁለቱም 15 ሰከንድ ነው እኮ።

አሮጌ ባንኮኒ

ሰዓቱ አይለየውም። ሌላ ሌላው ነው የሚለየው።

አወራረዱን እይ። አፈጫጨቱ ሻካራ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው እኩል ፈጠን ብሎ ይወርዳል። ሾልኮ ከሆነ ደህና ጀምሮ ድንገት መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ክሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ቶሎ ይነጣል። ከሥሩ ክፍት የሆነ እጀታ ቢሆን ፊጭ ፊጭ ሲል ባየኸው ነበር፣ ልብስህም ይመሰክር ነበር።

ሌላው ምላስ ነው። ሻካራው ኮምጠጥ ብሎ ውሃ ውሃ ይላል። የሾለከው ግን ይኮመጥጣልም ይመራልም፣ በአንድ ጊዜ። የሚገርመኝ ልጁ ሁለቱንም ቡና ሳይቀምስ ነው የደፋው። አንድ ማንኪያ ብቻ ቢቀምስ ግማሹን መልስ ያገኝ ነበር።

አተላውን አገላብጦ ማየት የሚወዱ አሉ። ጉድጓድ ካየህበት አንድ ነገር ነው፣ እርጥብ ነው ደረቅ ነው የሚለው ግን ብዙ አይነግርህም።

ቤቴ ቡና

ጥሩ ውይይት ነው። እኔም የቡና ችግር ስላለብኝ ነው። ቤት ትንሽ ማሽን ገዝቻለሁ፤ ተፈጭቶ የታሸገ ቡና ነው የምጠቀመው። የኔ ግን ተቃራኒ ነው፤ ክሬማው፣ ከላይ የሚሆነው አረፋ፣ ወፍራም ነው፣ ሲያዩት ያምራል፣ ሲጠጡት ግን ባዶ ውሃ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? እንደ ልጁ ቀለበት አዙሪ እንዳትሉኝ፣ የኔ ቀለበት የለውም።

አሮጌ ባንኮኒ

እህቴ፣ ማጣሪያሽን ወደ ብርሃን አድርገሽ እይው። ከውስጥ ብዙ ቀዳዳ፣ ከውጭ ግን አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለችው፣ ግፊቱን የምትፈጥረው ያቺ ቀዳዳ ናት እንጂ ቡናው አይደለም። አረፋውም ከሷ ነው የሚመጣው። ምንም ብታደርጊበት መልኩ ያምራል፣ ጥፋትን ይሸፍናል። ማሽንሽ ደህና ነው። ቡናው ሻካራ ነው ወይም ከተፈጨ ቆይቷል። የምትገዢበት ቤት ትንሽ ደቀቅ አድርገው እንዲፈጩልሽ ጠይቂ፣ ጥቂት ጥቂት ግዢ። ለቀረው ሌላ የውይይት ርዕስ ብትከፍቺ ይሻላል፣ ይሄ ልጅ ደንበኛ አቁሞብናል።

አንባቢት

ስለ ቡና አላውቅም፣ ስለ ልቦለዱ ልናገር። ጅማሬው ያዘኝ። ያቺ የሰውየው ጣት ጥሩ ናት። «አፉ ቀደመው» ላይ ፈገግ አልኩ።

መጨረሻው ግን በነጻ የተሰጠ ነው። ሰውየው ነገር ያውቃሉ ብለኸናል፤ ምላሳቸው ስል ነው፣ ለማንም አያጎበድዱም። ከዚያ ጠብታ በጠብታ 50 ሰከንድ ሲያለቅስ የቆየ ነገር ጠጥተው «ጎበዝ» ይላሉ? ወይ ሰውየው ያልካቸው ሰው አይደሉም፣ ወይ አዝነውለት ነው። አዝነውለት ከሆነ ደግሞ የዚህ ልጅ ጭንቀት ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ ቡናው ምንም ይሁን ምን ያው ነበር ማለት ነው። እኔ ብሆን «ጎበዝ»ን አወጣለሁ። ምን እንደማስገባበት ግን አላውቅም፣ ሥራው ያንተ ነው።

ዝም ያለ ደንበኛ

እኔ እንደ ሰውየው ነኝ። ባንኮኒ ላይ ቆሜ የምጠጣ፣ ልጆቹ ሲያዩኝ ፊታቸው የሚቀየር። እንደኛ ያለውን ሰው ከውስጥ ልንገርህ።

መጀመሪያ፣ ሰውየው ማንኪያ አላነሱም። ኤስፕሬሶ እየተደራረበ ነው ሲኒ ውስጥ የሚገባው፤ መጀመሪያ የወረደው ወፍራሙ ከታች ነው፣ ቀጭኑ ከላይ ነው፣ ክሬማው ደግሞ ብቻውን ይመራል። ሳታማስል የመጀመሪያዋን ጉንጭ ከጠጣህ የምትፈርደው በላዩ ላይ ብቻ ነው። ነገር የሚያውቅ ሰው ሦስት ዙር ያማስላል፣ ከዚያ ይቀምሳል። ስኳር ስለጨመረ አይደለም። ይሄን ብታስገባ ሰውየው ነገር እንደሚያውቁ ለአንባቢ ሳትናገር ትነግረዋለህ።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛዋ ቡና ለኔ ብትቀርብ ስሜቱን አውቀዋለሁ። አመድ አመድ ይላል፣ ምላስ ኋላ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ ብትጠጣበትም አይለቅም። እንዲህ ያለውን ጠጥቶ «ጎበዝ» የሚል እኔ አላውቅም። አንባቢት እውነቷን ነው።

ሦስተኛ፣ ልጁ ሁለት ጊዜ መድፋቱ አይከፋኝም። እንዲያውም ደስ ይለኛል። የሚከፋኝ የማይረባውን እያወቀ ሲያቀርብልኝ ነው። «አምጣት» ማለታቸውም አልተመቸኝም፤ እኔ እጠብቅ ነበር።

ሁለት ስኳር

አንተ ትጠብቃለህ፣ ሁሉም ደንበኛ አይጠብቅም። ወረፋ ቢኖር ኖሮ ልጁ ሁለት ቡና መድፋት ይችል ነበር?

ደግሞ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የመጀመሪያዋ የእጁ ጥፋት ከሆነች፣ ቀለበቱን ጨርሶ ሳይነካ እዚያው ልክ ላይ አንድ ጊዜ መድገም ነበረበት። ሲደግማት 28 ብትሆን ነገሩ አለቀ፣ ሰውየውም በሁለተኛዋ ሄዱ። ለምን ማንም ይሄን አላለም?

አሮጌ ባንኮኒ

ጥሩ ጥያቄ ነው። በትምህርቱ ልክ ነህ። አንዲት የከሸፈች ቡና ማስረጃ አትሆንም፤ በዚያው ልክ ስትደገም ነው የሚታወቀው።

ግን ልዩነቱን እይ። 28ና 15 እኮ ግማሽ ለግማሽ ነው። ለኔ በዚህ መሃል ሌላ የሆነ ነገር አለ። ከጠዋት ወዲህ አዲስ ከረጢት ተከፍቶ ይሆናል፤ ሌላ ቀን የተቆላ ፍሬ በአንድ ልክ ቢፈጭም አንድ ዓይነት አይወርድም። ወይም የፍሬ መያዣው ሊያልቅ ደርሶ ይሆናል። ፍሬው ከላይ ክብደት ሲያጣ ምላጮቹ ላይ ይዘላል፣ አፈጫጨቱ ይዛባል። ኃላፊዋ ጓዳ የገባችው ዕቃ ልትረከብ ነው አይደል? ቡናም ሊሆን ይችላል የምትረከበው። ልጁ ቀና ብሎ መያዣውን ቢያይ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

ማታ ጸሐፊ

ከላይ ያላችሁትን ይዤ መጨረሻውን እንደገና ጻፍኩት። ከሦስተኛዋ ቡና ጀምሮ ነው፤

—

ሰዓቱ 50 ሲል ውሃውን አቆመው። ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«ይቺን አልሰጥዎትም ጋሼ።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጁ ከማንኪያው ጫፍ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨፈገገ። ቀለበቱን አንድ ምልክት ወደ ኋላ መለሰ። ከዚያ ባዶ ኩባያ ደግኖ ፈጨ። ሁለት እፍኝ የሚሞላ ቡና መጣል ነበረበት፤ ሰውየው እያዩት ቆሻሻ ውስጥ ገለበጠው። እጀታውን ጠርጎ እንደገና 18 ግራም መዘነ። መጠቅጠቂያውን ከመጫኑ በፊት ጎንበስ ብሎ ቀጥ ማለቱን በዓይኑ ለካ። ቁልፉን ነካ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ ሰዓቱ 8 ነበር። ከዚያ ክር ሆነ፣ ጠቆር ብሎ ጀምሮ ወደ ቀይ ዳማ ሄደ። 36 ግራም ሲሞላ 31 ሰከንድ።

ሰውየው ማንኪያ አነሱ። ሦስት ዙር አማሰሉ። ጠጡ።

«ስንት ሰከንድ ነው?»

«31።»

«ጠዋት የሷ ስንት ነበር?»

«28።»

«እህ» አሉና የቀረውን ጨለጡት።

—

አንባቢት

«እህ» ከ«ጎበዝ» በእጥፍ ይበልጣል። «ይቺን አልሰጥዎትም» ላይ ልጁ ሰው ሆነ። አንድ ነገር ብቻ፤ «ፊቱን አጨፈገገ» አያስፈልግም። መቅመሱ ይበቃል።

አሮጌ ባንኮኒ

በጣም ተሻለ። ሁለት ጥቃቅን ነገር ልንቀስ።

ሁለት እፍኝ በዛ። 10 ግራም ገደማ ብትጥል ይበቃል፣ ያ ደግሞ አንዲት እፍኝ እንኳ አይሞላም። በዚህ ልክ ቢደፋ ኃላፊዋ ከጓዳ ስትወጣ የምትለው ይኖራል።

ሌላው፣ ቀደም ሲል ወደ ደቃቁ ሲያዞር መፍጫው ቆሞ ነበር ወይስ እየሠራ? ወደ ደቃቁ ስታዞር ሞተሩ እየሄደ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ በምላጮቹ መሃል የተቀረቀረው ፍሬ ቀለበቱን ያስቸግራል፣ ጀማሪ ደግሞ በጉልበት ነው የሚያዞረው። ወደ ሻካራው ስትመልስ ግን ችግር የለውም። አንድ ቃል ብትጨምር የሙያው ሰው ሲያነብ ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያ ጠብታ 8 ሰከንድ ላይ መሆኗ ጥሩ ነው፣ ከ31 ጋር ይሄዳል።

ዝም ያለ ደንበኛ

አንድ ነገር አልተመቸኝም። 31 ሰከንድ የወሰደችው ከ28ቷ ትጣፍጥ ይሆናል፤ አዲስ ከረጢት ከሆነ የጠዋቱ ቁጥር ለዚህኛው ቡና ሕግ አይደለም። ሰውየው ሰከንድ መጠየቃቸው ከባለሙያ ይልቅ ኃላፊ አስመሰላቸው። እኔ ብሆን ሰዓት አልጠይቅም፣ ምላሴ ይበቃኛል።

ሁለት ስኳር

ቆይ፣ አዲስ ከረጢት ነው ያለው አሮጌ ባንኮኒ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። ታሪኩ ውስጥ የለም። እኔ አሁንም የእጁ ጥፋት ነው እላለሁ። በአራተኛዋ ላይ እኮ ጎንበስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ጠቀጠቀ፤ የተስተካከለችው በዚህ ነው ወይስ በቀለበቱ? ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለቀየረ ልጁ ራሱ አያውቅም።

አሮጌ ባንኮኒ

እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ልክ ነህ፣ ሁለቱንም ቀይሯል። በድሮው ልክ ላይ መልሶ አንድ ቀጥ ያለ ቢሠራ ነበር የሚለየው፣ እሱ ደግሞ አምስተኛ ቡና ነው።

ማታ ጸሐፊ

አዲስ ከረጢት መሆን አለመሆኑን እኔም አልወሰንኩም። ሞተሩን አስገባዋለሁ፣ እፍኟንም እቀንሳለሁ። ሰከንድ መጠየቃቸውን ግን ለጊዜው አልነካውም። ዝም ያለ ደንበኛ፣ እርስዎ ሳይጠይቁ የሚጠጡ ዓይነት ነዎት፤ የኔ ሰውዬ ጠያቂ ናቸው።

ቤቴ ቡና

ማጣሪያውን አየሁት። ከውጭ አንዲት ቀዳዳ ናት ያለችው!